በብር የሚቆጠብ፣ በዩሮ የሚጠየቅ፦ ለጀርመን የድኅረ ምረቃ ትምህርት የሚያስፈልገው ገንዘብ ስሌት

ብዙዎቹ የጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ የባደን ቩርተምበርግ ግዛት ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሚመጡ ተማሪዎች በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። ስለዚህ ለአብዛኛው አመልካች ዋናው ሸክም የመኖሪያ ወጪ ማረጋገጫ ነው። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ በዝግ ሒሳብ (በተለምዶ «ብሎክድ አካውንት») መቀመጥ አለበት፤ ከዚያ በፊት 11,208 ዩሮ ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አንድ ዩሮ በ62 ብር ቢታሰብ የቀድሞው መጠን 695 ሺህ ብር ያህል ነበር። ለስሌት እንዲመች ዩሮውን 150 ብር ብናደርገው፣ የአሁኑ 1,785,600 ብር ይሆናል። በዩሮ የታየው ጭማሪ ስድስት በመቶ ብቻ ሲሆን የተረፈው ልዩነት የምንዛሪ ውጤት ነው።

በጉለሌ ክፍለ ከተማ ሽሮ ሜዳ አካባቢ የሚኖር፣ በወር 10,000 ብር የሚቆጥብ መምህር እንውሰድ። በዓመት 120,000 ብር ያጠራቅማል። በዚያው ዓመት ዩሮ ከ150 ወደ 165 ብር ቢያድግ ግን የሚፈለገው ገንዘብ ወደ 1,964,160 ብር ከፍ ይላል፤ ጭማሪው 178,560 ብር ነው። መምህሩ ሳያቋርጥ ቆጥቦም ከግቡ ይርቃል። የቁጠባ ወለድም ይህን አያካክስም፤ ወለዱ የሚታሰበው በተጠራቀመው ጥቂት ገንዘብ ላይ ሲሆን የምንዛሪው ጭማሪ ግን በጠቅላላው ግብ ላይ ነውና። አመልካቹ በየሩብ ዓመቱ ቀሪውን ክፍተት በብር ሳይሆን በዩሮ ቢያሰላ ይህን ቶሎ ይገነዘባል።

በእኔ ግምት የብር ቁጠባ ሊሸፍን የሚገባው ትንንሾቹን ወጪዎች ነው፦ 75 ዩሮ የሆነውን የቪዛ ክፍያ (ቪዛ ቢከለከልም አይመለስም)፣ የሰነድ ትርጉምን፣ የአውሮፕላን ቲኬትን፣ እንዲሁም ለቤት ኪራይ የሚያዘውን መያዣ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ከዝግ ሒሳቡ በወር የሚለቀቀው 992 ዩሮ ብቻ በመሆኑ መያዣንና የመጀመሪያ ወር ኪራይን በአንድነት ለመክፈል ላይበቃ ይችላል።

የመኖሪያ ወጪው ግን ከዩሮ ምንጭ መምጣት ይኖርበታል። በወር 600 ዩሮ የሚሰጥ ከፊል ስኮላርሺፕ ቢገኝ ክፍተቱ 392 ዩሮ፣ በዓመት 4,704 ዩሮ፣ በተያዘው ተመን 705,600 ብር ይሆናል፤ በዝግ ሒሳብ የሚቀመጠውም ይኸው ልዩነት ነው። ሌላው መንገድ በጀርመን የሚኖር ዘመድ በአካባቢው የውጭ ዜጎች ጽሕፈት ቤት ቀርቦ የሚፈርመው የወጪ መሸፈኛ ግዴታ ነው። ይህ ሲሆን የሚመረመረው የዘመዱ ገቢ ነው፤ ተማሪው ቢቸገር መንግሥት የሚያወጣው ገንዘብም ከዘመዱ ይጠየቃል።