ፈጣንና አጭር ትንፋሽ፦ በአየር ቧንቧ ውስጥ ስለሚቀረው አየር

በኮቪድ-19 ሕክምና ክፍል የሚሠራ ባለሙያ በየተራው ከሚመዘግባቸው ምልክቶች አንዱ የትንፋሽ ብዛት ነው። በቅጹ ላይ 38 ወይም 40 የሚል ቁጥር ሲሰፍር፣ ታማሚው ቢደክምም ብዙ አየር እያስገባ ነው ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። ይህ ግምት ግን በአብዛኛው ስሕተት ነው። በደቂቃ 40 ጊዜ የሚተነፍስ ሰው፣ 15 ጊዜ በእርጋታ ከሚተነፍስ ሰው ያነሰ ጠቃሚ አየር ወደ ሳንባው ሊያደርስ ይችላል። ምክንያቱን ለመረዳት አየሩ በምን በኩል እንደሚያልፍና በየትኛው ቦታ ሥራውን እንደሚሠራ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

አየር በአፍንጫና በአፍ ገብቶ፣ በጉሮሮና በዋናው የአየር ቧንቧ አልፎ፣ እየቀጠኑ በሚሄዱ ቅርንጫፎች በኩል ወደ ጥቃቅኖቹ የአየር ከረጢቶች ይደርሳል። ኦክስጅን ወደ ደም የሚገባው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ከደም የሚወጣው በእነዚህ ከረጢቶች ውስጥ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ያለው መንገድ አየሩን ያሞቃል፣ ያረጥባል፣ አቧራውን ያጣራል፤ የጋዝ ልውውጥ ግን አያደርግም። ይህ የመተላለፊያ መንገድ የሚይዘው ይዘት በትምህርት ቋንቋ «ሙት ክፍተት» ይባላል። በአዋቂ ሰው ዘንድ መጠኑ 150 ሚሊ ሊትር ያህል ሲሆን፣ በግምት ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት 2 ሚሊ ሊትር ነው።

ነገሩን በውኃ ቧንቧ መመልከት ይቻላል። ጠዋት ቧንቧ ሲከፈት በመጀመሪያ የሚወርደው ከምንጩ የመጣው አዲስ ውኃ ሳይሆን ሌሊቱን በቱቦው ውስጥ የቆየው ነው። ትንፋሽም እንዲሁ ነው። አየር አስወጥተን ስንጨርስ በመተላለፊያው ውስጥ የሚቀረው ከከረጢቶቹ የወጣ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበት አየር ነው። ቀጣዩን ትንፋሽ ስናስገባ አስቀድሞ ወደ ከረጢቶቹ የሚመለሰው ይኸው ያገለገለ አየር ይሆናል። ከውጭ ከገባው አዲስ አየር ደግሞ የመጨረሻው 150 ሚሊ ሊትር መንገድ ላይ ይቀርና ምንም ሳይሠራ ተመልሶ ይወጣል። እንግዲህ እያንዳንዱ ትንፋሽ፣ ረጅምም ሆነ አጭር፣ ይህን 150 ሚሊ ሊትር እንደ ቀረጥ ይከፍላል። ቀረጡ የሚጣለው በአየሩ መጠን ሳይሆን በትንፋሹ ቁጥር ላይ ነው፤ የጉዳዩም ቁልፍ ይህ ነው።

በእርጋታ የተቀመጠ ጤነኛ አዋቂ በአንድ ትንፋሽ 500 ሚሊ ሊትር ያህል ያስገባል። በደቂቃ 12 ጊዜ ቢተነፍስ በጠቅላላው 6,000 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ከእያንዳንዱ ትንፋሽ 150 ሲቀነስ 350 ይቀራል፤ በ12 ሲባዛ 4,200 ሚሊ ሊትር ወደ ከረጢቶቹ ይደርሳል። ይኸው ሰው ትንፋሹን አሳጥሮ 250 ሚሊ ሊትር፣ ነገር ግን በደቂቃ 24 ጊዜ ቢተነፍስ ጠቅላላው አሁንም 6,000 ነው። ከረጢቶቹ የሚያገኙት ግን 100 በ24፣ ማለትም 2,400 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። የደረት እንቅስቃሴው በእጥፍ ሲጨምር ጥቅሙ ወደ ግማሽ ገደማ ወርዷል። (ሒሳቡ በእርግጥ ቀለል ተደርጎ የቀረበ ነው። በቧንቧው ውስጥ ያለው አየር በጥቂቱ ስለሚደባለቅ፣ ትንፋሹ ከ150 በታች ቢወርድም ልውውጡ ፈጽሞ ዜሮ አይሆንም። በአልጋ አጠገብ ለሚደረግ ውሳኔ ግን ይህ ልዩነት ብዙ ለውጥ አያመጣም።)

አሁን ወደ ሕሙማን ክፍል እንመለስ። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ ከባድ የሳንባ ምች የያዘውን ጎልማሳ ለትምህርት ያህል እናስብ። ጠዋት ሲታይ ኦክስጅን እየተሰጠው በደቂቃ 26 ጊዜ ይተነፍሳል፤ የእያንዳንዱ ትንፋሽ መጠን 400 ሚሊ ሊትር ነው እንበል። ከረጢቶቹ በደቂቃ 250 በ26፣ ማለትም 6,500 ሚሊ ሊትር ያገኛሉ። በደሙ ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት 35 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ ይህም ጤናማ በሚባለው ወሰን ውስጥ ነው። ማታ ላይ የትንፋሹ ብዛት 40 ይደርሳል፤ መጠኑ ግን ወደ 260 ይወርዳል። ጠቅላላው ከጠዋቱ ጋር እኩል፣ ማለትም 10,400 ሚሊ ሊትር ነው። ከረጢቶቹ የሚያገኙት ግን 110 በ40፣ ማለትም 4,400 ነው። አንድ ሦስተኛ ያህሉ ጠፍቷል። ሰውነት የሚያመርተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባይጨምር እንኳ፣ ከረጢቶቹ የሚያገኙት አየር በቀነሰ ልክ የጋዙ ግፊት ስለሚጨምር ወደ 52 ያመራል። በተግባር ግን የሚታገል ጡንቻና ትኩሳት ምርቱን ስለሚያበዙት ከዚህም ሊያልፍ ይችላል።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ተረኛው ባለሙያ ሲቆጥር 22 ያገኛል። ታማሚው ጸጥ ብሏል፤ አይወራጭም። የጣት ኦክስጅን መለኪያውም 93 በመቶ ያሳያል። ለተሻለው ሰው የሚጻፍ መግለጫ ይመስላል። ይሁን እንጂ የደከሙት ጡንቻዎች በአንድ ትንፋሽ 250 ሚሊ ሊትር ብቻ እየሳቡ ከሆነ፣ ከረጢቶቹ የሚያገኙት 100 በ22፣ ማለትም 2,200 ሚሊ ሊትር ነው፤ የጠዋቱ ሲሶ። ታማሚው እያረፈ ሳይሆን እየወደቀ ነው። የጣት መለኪያው ይህን አይናገርም፤ የሚለካው የኦክስጅንን ሙሌት እንጂ ካርቦን ዳይኦክሳይድን አይደለም። ተጨማሪ ኦክስጅን እየተሰጠ ሳለ ጥቂት አየር ብቻ ወደ ከረጢቶቹ ቢደርስም ያ ጥቂቱ በኦክስጅን የበለጸገ ስለሆነ ሙሌቱ ለረጅም ጊዜ ደህና መስሎ ይቆያል።

በዚህ በሽታ ላይ ሌላም ጭነት አለ። አንድ የአየር ከረጢት አየር ቢደርሰውም ደም ካልደረሰው የጋዝ ልውውጥ አያደርግም፤ እርሱም በሙት ክፍተት ይቆጠራል። ኮቪድ-19 በሳንባ የደም ሥሮች ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ስለሚችል የታማሚው ሙት ክፍተት ከ150 ይበልጣል። ከላይ የተጠቀሰው ሰው ሙት ክፍተቱ 200 ሚሊ ሊትር ቢሆን፣ የማታው ሒሳብ 60 በ40፣ ማለትም 2,400 ይሆን ነበር።

«ታዲያ ታማሚውን ቀስ ብለህ በረጅሙ ተንፍስ ብንለውስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ እንደ ታማሚው ሁኔታ ይለያያል። በድንጋጤ ወይም በጭንቀት ትንፋሹ ለተጣደፈና ሳንባው ብዙም ላልተጎዳ ሰው ምክሩ ይጠቅማል። ሳንባው በፈሳሽና በብግነት የደረቀ ሰው ግን ትንፋሹን ያሳጠረው ባለማወቅ አይደለም። ደረቅ ሳንባን በጥልቀት መንፋት እጅግ አድካሚ ስለሆነ ሰውነቱ አነስተኛ ጉልበት የሚጠይቀውን መንገድ መርጧል። እንዲህ ያለውን ታማሚ በረጅሙ እንዲተነፍስ ማስገደድ ድካሙን ያፋጥናል። የሚያስፈልገው ሸክሙን ማቅለል ነው፦ ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ ከቻለ በሆዱ ማስተኛት፣ ትኩሳቱንና ሲተነፍስ የሚወጋውን ሕመም ማስታገስ፣ ይህም ካልበቃ በግፊት ለሚሰጥ የትንፋሽ ድጋፍ ሳይዘገይ ማስተላለፍ። እንዲረጋጋ በሚል የሚያስተኛ መድኃኒት መስጠት፣ ትንፋሹን ይበልጥ ስለሚያሳጥረው፣ የመተንፈሻ ድጋፍና ቅርብ ክትትል በሌለበት ክፍል አደገኛ ነው።

ሙት ክፍተትን እኛው በእጃችን የምንጨምርበት ጊዜም አለ፤ ይህ በተለይ ኦክስጅን ሲያጥር ይታያል። በፊት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን ማስክ ባዶ ቦታ አለው። ኦክስጅኑ በበቂ ኃይል ካልፈሰሰ የወጣው ትንፋሽ በማስኩ ውስጥ ይጠራቀምና ተመልሶ ይገባል፤ ማስኩ የአየር ቧንቧው ቅጥያ ሆነ ማለት ነው። ስለሆነም ቀላሉን ማስክ በደቂቃ ከ5 ሊትር በታች መጠቀም አይገባም። ከ1 እስከ 5 ሊትር ለሚበቃው ታማሚ በአፍንጫ የሚገባው ቱቦ የተሻለ ነው፤ በፊቱ ላይ የትንፋሽ መጠራቀሚያ አይፈጥርም። ማጠራቀሚያ ከረጢት ያለው ማስክ ከ10 እስከ 15 ሊትር ይፈልጋል። ታማሚው አየር ሲስብ ከረጢቱ ጨርሶ የሚጨማደድ ከሆነ ፍሰቱ አልበቃም። ሲሊንደሩ እንዲቆይ ብሎ ይህንኑ ማስክ በ4 ሊትር መተው ቁጠባ መስሎ ቢታይም፣ ታማሚው የራሱን ትንፋሽ እንዲመላለስ ያደርገዋል። በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ላሉትም፣ በቱቦው ጫፍ ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ ማጣሪያና መገጣጠሚያ ሙት ክፍተት ነው። በአንድ ትንፋሽ 300 ሚሊ ሊትር ብቻ ለሚሰጣት አነስተኛ ቁመት ላላት ሴት፣ የ50 ሚሊ ሊትር ጭማሪ ቀላል አይደለም።

በመደበኛ ክፍል የትንፋሽን መጠን በሚሊ ሊትር የምንለካበት መሣሪያ የለንም። ያለን ዓይን፣ እጅና ሰዓት ነው። የትንፋሽ ብዛት ሙሉ አንድ ደቂቃ መቆጠር አለበት። የ15 ሰከንድ ቆጠራን በ4 ማባዛት የአንድ ትንፋሽን ስሕተት ወደ 4 ያሳድገዋል። ታማሚው እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱን ስለሚለውጥ፣ የደም ምቱን እንደሚለካ ሰው እጁን ይዞ ደረቱን መመልከት ይመከራል። በዚያው ጊዜ ሁለቱን መዳፎች በታችኛው የጎድን አጥንት ላይ አሳርፎ ደረቱ ምን ያህል እንደሚከፈት ማየት ይቻላል። ከዚያም አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፦ ስንት ቃል ተናግሮ ለትንፋሽ ያቋርጣል? ጠዋት ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይናገር የነበረ ሰው ማታ በየሁለት ቃሉ የሚያቋርጥ ከሆነ፣ ትንፋሹ ማጠሩን በቂ በሆነ እርግጠኝነት ያሳያል።

የካርቦን ዳይኦክሳይድ መከማቸት ራሱን በሌላ መንገድ ይገልጣል፦ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ የሐሳብ መደነጋገር፣ የእጅ መሞቅና ጠንካራ የደም ምት፣ እጅ ሲዘረጋ የመዳፍ መርገብገብ። የትንፋሽ ብዛቱ ከ40 ወደ 22 በወረደ ጊዜ፣ ባለሙያው በመዝገቡ ላይ «ተሻሽሏል» ብሎ ከመጻፉ በፊት ታማሚውን ቀስቅሶ ስሙንና ያለበትን ቦታ ይጠይቀው። ነቅቶ በሙሉ ዐረፍተ ነገር ከመለሰና ደረቱም በደንብ ከተከፈተ መሻሻሉ እውነተኛ ነው። ዓይኑን ለመግለጥ ከተቸገረና ደረቱ እምብዛም የማይነሣ ከሆነ፣ የጣት መለኪያው 93 ቢያሳይም ኃላፊ ሐኪሙ ወዲያውኑ ይጠራ፤ የአምቡ ከረጢትና ማስክም ከአልጋው አጠገብ ይዘጋጅ።