ያገለገለ መኪና ከመግዛትዎ በፊት፦ መካኒኩ ምን ይመርምር? ሪፖርቱስ እንዴት ይነበባል?

ደላላው «እኔ የማውቀው ጎበዝ መካኒክ አለ» ካለዎት አመስግነው ይለፉት። የሚመረምረው ሰው ሒሳቡን ከእርስዎ ብቻ የሚቀበል፣ ከሻጩ ጋርም የማይተዋወቅ መሆን አለበት። ጥገና ካስፈለገ ሌላ ጋራዥ እንደሚያሠሩ አስቀድመው ይንገሩት፤ ያኔ ብልሽቱን አጋኖ የሚያተርፈው ነገር አይኖርም። መኪናው ቦሎ አለው መባሉም አያዘናጋዎት። ዓመታዊው ምርመራ ፍሬን፣ መብራትና ጭስ ያያል እንጂ የሞተሩን ዕድሜ አይነግርዎትም።

ቀጠሮውን ጠዋት ያድርጉት፤ ሻጩ መኪናውን ሳያስነሳ ይጠብቃችሁ። ሲደርሱ ኮፈኑን ዳሰስ ያድርጉ። ለብ ካለ ሌላ ቀን ይመለሱ፤ ሰማያዊ ጭስና የሞተር መንኳኳት ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው፣ ሲሞቅ ይጠፋል። የራዲያተሩ ክዳንም የሚከፈተው ሳይሞቅ ነው። ውሃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ወይም የዘይት ክዳኑ ሥር ወተት የመሰለ ነገር ካለ ይመዝገብ።

ቀጥሎ የኮምፒውተር ምርመራ ነው። እዚህ ላይ «ኮድ የለም» የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃም፤ ኮድ ማጥፋት የደቂቃ ሥራ ነው። መካኒኩ የመኪናው የራስ ፍተሻዎች መጠናቀቃቸውን እንዲያይ ይጠይቁት። ብዙዎቹ `Not Ready` ካሉ ኮዱ በቅርብ ጠፍቷል ወይም ባትሪው ተነቅሏል ማለት ነው። በአንዳንድ የቆዩ የጃፓን መኪኖች ላይ ግን ይህ መረጃ አይወጣም።

ከዚያ መንገድ ላይ ይነዳ፤ ዳገትና ኮሮኮንች ያለበት ቢሆን ይመረጣል። ሲመለስ ወደ ላይ ተነሥቶ የእግሩ ጎሚኒዎች፣ አሞርዛተሮቹና የዘይት ፍሳሹ ይታያሉ። የሻንሲ ቁጥሩም ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል። ቦዲው ላይ የቀለም ውፍረት መለኪያ ካለ ይጠቀሙበት። የፋብሪካ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከ80 እስከ 180 ማይክሮን ነው፤ ከ300 በላይ ከሆነ እንደገና ተቀብቷል፣ ከ1,000 ካለፈ ሥሩ ስቱኮ አለ። አንድ ፓራፋንጎ መቀባቱ ለአዲስ አበባ መኪና ብርቅ አይደለም። የበሩ ምሰሶ ወይም ሻንሲው ተበይዶ ከሆነ ግን መኪናውን ይተዉት።

በመጨረሻ፣ ሞተሩ እንደሞቀ፣ ኮምፕረሽኑ ይለካል። ካንዴላዎቹ ወጥተው እያንዳንዱ ሲሊንደር ለየብቻው ይለካና ቁጥሩ ይጻፋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የአምራቹ መጽሐፍ የሚሰጠው ቁጥር ለባሕር ጠለል ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ አየሩ ስስ ስለሆነ ጤነኛ ሞተር እንኳ ሩብ ያህል ዝቅ ብሎ ይነበባል። ስለዚህ ዋናው ነገር በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ15 በመቶ ካለፈ ያሳስባል።

አሁን ወደ ሪፖርቱ እንምጣ። «ሞተር ደህና ነው» የሚል መስመር ሪፖርት አይባልም፤ በምን ታየ፣ ስንት ተነበበ የሚል መኖር አለበት። ያልተመረመረው ነገርም «አልታየም» ተብሎ ይጻፍ። መስመሮቹን ደግሞ አንድ በአንድ ሳይሆን አገናኝተው ያንብቧቸው። ለምሳሌ የአንድ ኮሮላ ሪፖርት እንዲህ ይላል እንበል፦ ኮምፕረሽን 140፣ 138፣ 95፣ 92 ፒኤስአይ፤ የራዲያተር ውሃ ትንሽ ጎድሏል፤ የፊት ፍሬን ሸራ 3 ሚሊሜትር ቀርቶታል፤ የኋላ ፓራፋንጎ ተቀብቷል።

ፍሬን ሸራው በቅርቡ መቀየር አለበት፣ ከዋጋው ላይ ይቀነሳል። ፓራፋንጎውም እንዲሁ። ደካሞቹ ሁለት ሲሊንደሮች ግን ጎን ለጎን ናቸው፤ ውሃውም ጎድሏል። መካኒኩ በደካሞቹ ውስጥ ትንሽ የሞተር ዘይት ጨምሮ እንደገና ይለካ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው አልቋል። ካልተነቃነቀ በሁለቱ መካከል ያለው የቴስታ ጓርኒሲዮን መቃጠሉን ያስጠረጥራል። ሻጩ «ጓርኒሲዮን ብቻ ነው» ይልዎታል። ቴስታው በሙቀት ተጣሞ ወይም ተሰንጥቆ እንደሆነ ሳይፈታ ስለማይታወቅ፣ ድርድሩ በጓርኒሲዮን ዋጋ ሳይሆን ቴስታ በማስፈታትና በማስላግ ዋጋ ይሁን። ሻጩ ካልተስማማ ሌላ መኪና ይፈልጉ።

ሪፖርቱ ላይ ቀኑ፣ የኪሎሜትር ንባቡና በጎማዎቹ ላይ ያለው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ይስፈሩ፤ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ገንዘቡን በሚከፍሉበት ዕለት እነዚህን መልሰው ያመሳክሩ፤ በመሀል ጎማ የሚቀያየርበት ጊዜ አለ።