በሁለት ነገሮች መካከል ያለውን ዝምድና በሠንጠረዥ ስለ መመርመር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ነቀምት በሚወስደው በምዕራቡ መንገድ የሚጓዝ ሰው አስቀድሞ አዲስ ዓለምን፥ ቀጥሎ ጊንጪን፥ ከዚያ አምቦን፥ ከአምቦም ጥቂት አልፎ ጉደርን ያገኛል። እነዚህ አራት ከተሞች በአንድ መንገድ ላይ ስላሉ እርስ በርሳቸው ልዩ ልዩ ዝምድና አላቸው። አንዱ ከሌላው በፊት ይገኛል፤ አንዱ የሌላው ጎረቤት ነው። በሒሳብ ትምህርት ዝምድና የሚባለው የሥጋ ዝምድና አይደለም፤ ሁለት ነገሮችን በተራ ወስዶ «የፊተኛው ከኋለኛው ጋር እንዲህ ነውን?» ብሎ ሲጠይቁ፥ አዎን ወይም አይደለም የሚል ቁርጥ መልስ የሚገኝበት ነገር ሁሉ ነው።

ይህን መልስ በቃል ከመያዝ ይልቅ በሠንጠረዥ መጻፍ ይሻላል። ሠንጠረዡም በሒሳብ ማትሪክስ ይባላል። ለአጻጻፍ እንዲያመች አዲስ ዓለም ሀ፥ ጊንጪ ለ፥ አምቦ ሐ፥ ጉደር መ ይባሉ። ወደ ጎን የተጻፈው ረድፍ፥ ወደ ታች የተጻፈው ዓምድ ነው። የረድፉ ከተማ ከዓምዱ ከተማ ጋር የተባለው ዝምድና ካለው በመገናኛው ላይ 1 ይጻፋል፤ ከሌለው 0 ይጻፋል። በረድፍና በዓምድ የከተሞቹ ተራ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ተራው ከተለያየ ከዚህ በታች የሚነገረው ምርመራ ሁሉ ይበላሻል።

የመጀመሪያው ዝምድና ይህ ነው፤ «ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው የፊተኛው ከተማ ከኋለኛው ቀድሞ ይገኛል፥ ወይም ራሱ ያው ከተማ ነው»።

```
    ሀ ለ ሐ መ
ሀ   1 1 1 1
ለ   0 1 1 1
ሐ   0 0 1 1
መ   0 0 0 1
```

አንድ ዝምድና በአራት ጠባዮች ይመረመራል። የፊተኛው ሪፍሌክሲቭ የሚባለው ነው፤ በአማርኛ ራስ ተዛማጅ ቢባል ይስማማዋል። ይህም እያንዳንዱ ነገር ከራሱ ጋር ሲዛመድ ነው። ለዚህ ምርመራ ከላይ ከግራ ጥግ ጀምሮ እስከ ታች ቀኝ ጥግ የሚወርደውን ሰያፍ መሥመር ብቻ ማየት ይበቃል። በሰያፉ ላይ ያሉት ሁሉ 1 ከሆኑ ዝምድናው ራስ ተዛማጅ ነው፤ አንድ 0 እንኳ ቢገኝ አይደለም። ከላይ ባለው ሠንጠረዥ አራቱም 1 ስለ ሆኑ ራስ ተዛማጅ ነው።

ሁለተኛው ሲሜትሪክ፥ በአማርኛ ተመላላሽ የሚባለው ነው። ሀ ከለ ጋር ከተዛመደ ለም ከሀ ጋር መዛመድ አለበት። ሰያፉን እንደ መስተዋት ቆጥሮ ከበላዩ ያለውን ቁጥር ከበታቹ ካለው ጓደኛው ጋር ማስተያየት ነው። አራት ነገሮች ባሉበት ሠንጠረዥ የሚተያዩት ጥንዶች ስድስት ብቻ ናቸው። በዚህ ሠንጠረዥ ከሀ ወደ ለ 1፥ ከለ ወደ ሀ 0 ስለ ሆነ ተመላላሽ አይደለም። አዲስ ዓለም ከጊንጪ ይቀድማልና ጊንጪ ከአዲስ ዓለም ሊቀድም አይችልም።

ሦስተኛው አንቲሲሜትሪክ፥ በአማርኛ ባለ አንድ አቅጣጫ የሚባለው ነው። በመስተዋቱ ግራና ቀኝ ከሚተያዩት ጥንዶች መካከል ሁለቱም 1 የሆኑበት አንድም ጥንድ አለመገኘቱ ነው። ሁለቱም 0 ቢሆኑ አይጎዳም፤ የሰያፉም ቁጥር በዚህ ምርመራ አይቆጠርም። ከላይ ባለው ሠንጠረዥ ከስድስቱ ጥንዶች በእያንዳንዱ አንዱ 1 ሌላው 0 ስለ ሆነ ዝምድናው ባለ አንድ አቅጣጫ ነው።

አራተኛው ትራንዚቲቭ፥ በአማርኛ ተሻጋሪ የሚባለው ነው። ሀ ከለ ጋር፥ ለም ከሐ ጋር ከተዛመደ ሀ ከሐ ጋር መዛመድ አለበት። ይህ ጠባይ እንደ ሦስቱ በዓይን ብቻ አይታወቅም። የሠንጠረዡ መልክ ያማረና የተስተካከለ መሆኑም ምስክር አይሆንም። ስለዚህ ረድፍን ከረድፍ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ሥራውም እንዲህ ነው። በአንድ ረድፍ ከሰያፉ ውጭ 1 በተገኘ ጊዜ ያ 1 በማን ዓምድ እንዳለ ይታያል፤ ከዚያም የዚያ ሰው ወይም የዚያ ከተማ ረድፍ ይነበባል። በዚያ ረድፍ 1 ያለበት ቦታ ሁሉ በመጀመሪያውም ረድፍ 1 ሊኖርበት ይገባል።

በመጀመሪያው ሠንጠረዥ ይሞከር። የሀ ረድፍ ሁሉም 1 ስለ ሆነ ምንም አይጎድለውም። የለ ረድፍ በሐና በመ ዓምድ 1 አለው። የሐ ረድፍ 1 ያለው በሐና በመ ነው፤ ሁለቱም በለ ረድፍ አሉ። የመ ረድፍ 1 ያለው በመ ብቻ ነው፤ እርሱም በለ ረድፍ አለ። የሐ ረድፍ በመ ዓምድ 1 አለው፤ የመ ረድፍ የሚጠይቀውም መን ብቻ ነው፥ እርሱም አለ። የመ ረድፍ ከራሱ በቀር ምንም የለውም። ስለዚህ ዝምድናው ተሻጋሪ ነው። ራስ ተዛማጅ፥ ባለ አንድ አቅጣጫና ተሻጋሪ የሆነ ዝምድና ነገሮችን በተራ የሚያሰልፍ ነውና የቅደም ተከተል ዝምድና ይባላል።

ሁለተኛው ዝምድና ደግሞ ይህ ነው፤ «ከአራቱ መካከል በመንገዱ ላይ ተከታትለው የሚገኙ ጎረቤቶች ናቸው፥ ወይም ያው ከተማ ነው»።

```
    ሀ ለ ሐ መ
ሀ   1 1 0 0
ለ   1 1 1 0
ሐ   0 1 1 1
መ   0 0 1 1
```

ሰያፉ ሁሉ 1 ነውና ራስ ተዛማጅ ነው። በመስተዋቱ ግራና ቀኝ ያሉት ሁሉ ይተካከላሉና ተመላላሽ ነው። ሀና ለ በሁለቱም ወገን 1 ስላላቸው ባለ አንድ አቅጣጫ አይደለም። ሠንጠረዡ በጣም የተስተካከለ ስለ ሆነ ብዙ ተማሪ «ተሻጋሪም ነው» ብሎ ይቸኩላል። ነገር ግን የሀ ረድፍ በለ ዓምድ 1 አለው፤ የለ ረድፍም በሐ ዓምድ 1 አለው፤ የሀ ረድፍ ግን በሐ 0 ነው። አዲስ ዓለም የጊንጪ ጎረቤት፥ ጊንጪም የአምቦ ጎረቤት ሲሆኑ አዲስ ዓለም የአምቦ ጎረቤት አይደለም። አንድ እንዲህ ያለ ጉድለት ከተገኘ ተሻጋሪ አለመሆኑ ተረጋገጠ፤ ሌላ መፈለግ አያስፈልግም። ተሻጋሪ ነው ለማለት ግን ሁሉንም መጨረስ ግድ ነው።

የጎደለውን 1 በመጨመር ሠንጠረዡን ተሻጋሪ ለማድረግ የሚሞክር ሰው አንድ ነገር ይጠንቀቅ። በሀና በሐ መካከል፥ በለና በመም መካከል በሁለቱም ወገን 1 ቢጨመር የሀ ረድፍ 1 1 1 0፥ የለ ረድፍ 1 1 1 1 ይሆናል። አሁን ደግሞ ሀ ከለ ጋር፥ ለም ከመ ጋር ስለ ተዛመዱ ቀድሞ ያልነበረ አዲስ ጉድለት በሀና በመ መካከል ተወለደ። እርሱም ሲሞላ ሠንጠረዡ በሙሉ 1 ይሆናል፤ ትርጉሙም ጎረቤትነት መሆኑ ቀርቶ «በመንገዱ መድረስ ይቻላል» ወደ ማለት ይለወጣል። ስለዚህ ከጨመሩ በኋላ እንደ ገና መመርመር ይገባል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1962 ዓ.ም. ስቲቨን ዋርሻል የተባለ አሜሪካዊ ይህን ድካም የሚያሳጥር መንገድ አሳተመ። በርሱ ሥርዓት እያንዳንዱ ነገር በተራው አንድ ጊዜ ብቻ መካከለኛ ይሆናል፤ በመካከለኛው ዓምድ 1 ያለው ረድፍ ሁሉ የመካከለኛውን ረድፍ 1ዎች ይቀበላል። የመጨረሻው መካከለኛ ሲያልፍ ሥራው ያልቃል።

ሦስተኛው ምሳሌ ከገበያ ይወሰድ። በአምቦ ገበያ ሦስት ነጋዴዎች አሉ እንበል። ዝምድናውም «የፊተኛው ለኋለኛው ዕዳ ዋስ ሆኖአል» የሚል ነው። አንደኛውና ሁለተኛው ነጋዴ እርስ በርሳቸው ተዋሱ፤ ሁለተኛው ደግሞ ለሦስተኛው ዋስ ሆነ፤ ሦስተኛው ለማንም አልሆነም። ማንም ለራሱ ዋስ አይሆንም።

```
    1ኛ 2ኛ 3ኛ
1ኛ   0  1  0
2ኛ   1  0  1
3ኛ   0  0  0
```

ሰያፉ 0 ነውና ራስ ተዛማጅ አይደለም። ሁለተኛው ለሦስተኛው ዋስ ሲሆን ሦስተኛው ለሁለተኛው ስላልሆነ ተመላላሽ አይደለም። አንደኛውና ሁለተኛው ደግሞ በሁለቱም ወገን 1 ስላላቸው ባለ አንድ አቅጣጫም አይደለም። ከዚህ እንደሚታየው «ተመላላሽ ካልሆነ ባለ አንድ አቅጣጫ ነው» የሚለው አሳብ ስሕተት ነው፤ ሁለቱም ሊጠፉ ይችላሉ።

ተሻጋሪነቱ ቢመረመር የአንደኛው ረድፍ በሁለተኛው ዓምድ 1 አለው፤ የሁለተኛውም ረድፍ በአንደኛውና በሦስተኛው ዓምድ 1 አለው። የአንደኛው ረድፍ ግን በሁለቱም ቦታ 0 ነው። ስለዚህ ተሻጋሪ አይደለም። ለሦስተኛው ነጋዴ ያበደረ ሰው ገንዘቡ በጠፋ ጊዜ «አንደኛው ለሁለተኛው፥ ሁለተኛው ለሦስተኛው ዋስ ናቸውና አንደኛው ይክፈለኝ» ቢል፥ ሠንጠረዡ የሌለውን 1 እንደ ጨመረ ያሳየዋል። ሊጠይቅ የሚችለው ዋስ የሆነለትን ሁለተኛውን ነጋዴ ነው።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። ተሻጋሪነት ሲመረመር መነሻውና መድረሻው አንድ ሊሆን ይችላል። ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው፥ ከሁለተኛውም ወደ አንደኛው 1 ካለ፥ በሰያፉ ላይ በአንደኛውም በሁለተኛውም ቦታ 1 መኖር አለበት። ስለዚህ በሁለቱም ወገን 1 ያለው ጥንድ ሲገኝ፥ ከሁለቱ በአንዱ የሰያፍ ቦታ 0 ካለ፥ ሌላውን ሳይመለከቱ ተሻጋሪ አይደለም ማለት ይቻላል።

መልመጃ። ተማሪው የሚከተለውን ሠንጠረዥ በአራቱ ጠባዮች ይመርምር።

```
    ሀ ለ ሐ
ሀ   1 0 0
ለ   0 1 0
ሐ   0 0 1
```

መልስ። ሰያፉ ሁሉ 1 ነውና ራስ ተዛማጅ ነው። የሚተያዩት ጥንዶች ሁሉ 0ና 0 ስለ ሆኑ ይተካከላሉ፤ ስለዚህ ተመላላሽ ነው። ሁለቱም 1 የሆኑበት ጥንድ ስለሌለ ባለ አንድ አቅጣጫም ነው። ከሰያፉ ውጭ 1 ስለሌለ የሚጎድል ነገር አይገኝም፤ ስለዚህ ተሻጋሪ ነው። በዋሶቹ ሠንጠረዥ ሁለቱ ጠባዮች አብረው እንደ ጠፉ፥ በዚህ ሠንጠረዥ ደግሞ አብረው ተገኙ። ስለዚህ አንዱን አይቶ ስለ ሌላው መፍረድ አይገባም፤ እያንዳንዱ በየራሱ ይመረመራል።