ጉንፋን የያዘውን ልጅ ያለ ፈላ ውሃ ማስታገሻ

ከኮተቤ እስከ ፈረንሳይ ባሉት ሰፈሮች ጉንፋን የያዘው ሰው የእንጦጦን ባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ፣ ጋቢ ተከናንቦ ይታጠናል። አዋቂን ለጊዜው ቀለል ያደርገው ይሆናል እንጂ እንፋሎት ጉንፋንን ቶሎ እንደሚያድን አልተረጋገጠም። ልጅን ግን በፍጹም በፈላ ውሃ አታጥኑ።

አብዛኛውን ጊዜ ልጅን የሚያቃጥለው እንፋሎቱ ሳይሆን የሚደፋው ውሃ ነው። ድስቱ ዱካ ላይ ወይም አልጋ ላይ ይቀመጣል፣ ልጁ ጎንበስ ይላል፣ ጋቢ ይደረብበታል። ጨለማውና ሙቀቱ ሲያስጨንቀው ይወራጫል፤ የጋቢው ጫፍ የድስቱን ጆሮ ይስባል፤ ውሃው ሆዱ፣ ጭኑና ብልቱ ላይ ይፈሳል። ልብሱ ደግሞ ሙቀቱን ይዞ ያቆያል። አዲስ አበባ ደጋ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህ ግን ልጁን አያድነውም። 70 ዲግሪ የሆነ ውሃ እንኳ በአንድ ሰከንድ ገደማ ቆዳን በጥልቀት ያቃጥላል። ስለዚህ ድስቱን አውርዶ ትንሽ ማቆየት መፍትሔ አይሆንም።

ለተደፈነ አፍንጫ የሚሻለው የጨው ውሃ ነው። ንጹሕ ውሃ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይፍላ፤ እንደኛ ባለ ከፍታ አንድ ደቂቃ አይበቃም። ከዚያ ግማሽ ሊትር ለኩና፣ አፉ ላይ ያልተቆለለ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙበት። ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ልጁን በጀርባው አስተኝታችሁ፣ መርፌ በሌለው አዲስ ሲሪንጅ በእያንዳንዱ የአፍንጫው ቀዳዳ 2 ወይም 3 ጠብታ አድርጉለት፤ በኃይል አትግፉ። ጥቂት ቆይታችሁ የወጣውን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። ለሚጠባ ሕፃን ይህን ከመጥባቱ በፊት ማድረግ ይበልጥ ይረዳዋል፤ አፍንጫው ከተደፈነ መጥባት ያቅተዋልና። የተረፈውን በማግስቱ ድፉት።

ጉሮሮውን ለሚያመው፣ አንድ ዓመት ለሞላው ልጅ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ማር ወይም ለብ ያለ ሻይ ይበቃል። ዓመት ላልሞላው ማር አይሰጥም፤ አልፎ አልፎ ሕፃንን የሚመርዝ ተሕዋስ ይኖርበታል። ከስድስት ወር በታች ላለው የእናቱ ጡት በቂ ነው።

ልጅ ከተቃጠለ ወዲያው ልብሱን አውልቁ፤ ቆዳው ላይ የተጣበቀውን ግን አትንቀሉ። የተቃጠለውን ቦታ 20 ደቂቃ ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት፤ የቧንቧ ውሃ ከሌለ ከጀሪካን በጣሳ እየቀዳችሁ። የቀረው ሰውነቱ እንዳይበርደው ሸፍኑት። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ በረዶ አይደረግበትም። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ስድስት ኪሎ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ክፍል አለው።

ቃጠሎ ባይኖርም፣ ልጁ ሲተነፍስ የደረቱ ታች ወደ ውስጥ ከገባ፣ ወይም መጥባትና መጠጣት ካቃተው፣ ቤት አታቆዩት፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ይየው።