የወር አበባ ሲዘበራረቅ የመፀነሻ ቀናትን መገመት

ብዙዎቻችን «እንቁላል የምትወጣው በ14ኛው ቀን ነው» ሲባል ሰምተናል። ይህ ግን ግፋ ቢል ለ28 ቀን ዑደት የሚሆን ግምት ነው። እንቁላል ከወጣች በኋላ የሚቀጥለው የወር አበባ እስኪመጣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ያህል ነው፤ በይበልጥ የሚያጥረውና የሚረዝመው ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ነው።

ስለዚህ ቢያንስ የ6 ዑደቶችን ርዝመት እንመዘግባለን፤ ደም የታየበት የመጀመሪያ ቀን 1 ይባላል። ክኒን እየተወሰደ ያለፉት ወራት አይቆጠሩም። ከአጭሩ ዑደት 18፣ ከረጅሙ 11 እንቀንሳለን። አጭሩ 26፣ ረጅሙ 35 ቀን ከሆነ፣ የመፀነሻው ጊዜ ከ8ኛው እስከ 24ኛው ቀን ይሆናል።

17 ቀን! ልጅ ለሚፈልጉ ባልና ሚስት ይህ ብዙም አይረዳም። የሚያጠብበው የሰውነት ምልክት ነው፤ ከማኅፀን በር የሚወጣው ፈሳሽ እንደ ጥሬ እንቁላል ነጩ ክፍል ሲጠራና ሲለጠጥ፣ እንቁላል የምትወጣበት ጊዜ ቀርቧል። የወንድ ዘር እስከ 5 ቀን ሊቆይ ስለሚችል፣ ከዚያ በፊት ያሉት ቀናትም ይቆጠራሉ።

እርግዝናን ለመከላከል ግን በዚህ ቁጥር ብቻ መተማመን አያዋጣም። ዑደቱ በተደጋጋሚ ከ21 ቀን ካጠረ ወይም ከ35 ከረዘመ፣ በቁፓት ሆሊም የማኅፀን ሐኪም ማየት ይቀድማል፤ መንስኤው የታይሮይድ ወይም ሌላ የሆርሞን ችግር ሊሆን ይችላል።