የታቀደውና የተከናወነው፦ የግንባታ ወርኃዊ ሪፖርት አጻጻፍ

በልማት ፕሮጀክቶቻችን ውስጥ ግንባታ ካለ በየወሩ መጨረሻ ሪፖርት ይቀርባል። ሪፖርቱ የሚመልሰው ጥያቄ አጭር ነው፤ በዕቅዱ መሠረት እስከዚህ ቀን መጠናቀቅ የነበረበት ምንድን ነው? የተጠናቀቀውስ? በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በምን ይለካል የሚለውን በአንድ ምሳሌ እንመልከት።

በእንጦጦ ተዳፋት ላይ በ10 ሚሊዮን ብር ውል የሚሠራ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ አለ እንበል። ከውሉ ውስጥ መሠረቱ 2 ሚሊዮን ብር፣ 20 የአርማታ ምሶሶዎች ደግሞ 1.5 ሚሊዮን ብር ዋጋ አላቸው። በዕቅዱ መሠረት እስከ መጋቢት 30 ቀን ሁለቱም መጠናቀቅ ነበረባቸው። ስለዚህ የታቀደው ሥራ ዋጋ 3.5 ሚሊዮን ብር፣ ማለትም ከውሉ 35 በመቶ ነው።

በዚያው ቀን የሒሳብ ክፍሉ 3.4 ሚሊዮን ብር መከፈሉን ያሳያል። ሪፖርት አቅራቢው ይህን ብቻ ተመልክቶ «ከታቀደው 35 በመቶ 34 በመቶ ተከናውኗል» ብሎ ቢጽፍ፣ አንባቢው ሥራው በሰዓቱ እየሄደ ነው ብሎ ያምናል። ተቆጣጣሪው መሐንዲስ በቦታው ተገኝቶ ሲቆጥር ግን መሠረቱ ተጠናቋል፤ አርማታ የተሞላባቸው ምሶሶዎች 8 ብቻ ናቸው። የስምንቱ ዋጋ 600 ሺህ ብር ስለሆነ በእርግጥ የተሠራው 2.6 ሚሊዮን ብር፣ ማለትም 26 በመቶ ነው። ቀሪው 800 ሺህ ብር በመጋዘን ለተቀመጠ ፌሮ የተከፈለ ነው። ፌሮው ንብረት ነው፤ ነገር ግን ምሶሶ አይደለም። ስለዚህ በሪፖርቱ የተከፈለው ገንዘብና የተሠራው ሥራ በተለያየ ዓምድ ሊሰፍሩ ይገባል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የምዕራፉን ፍጻሜ የሚመለከት ነው። «የምሶሶ ሥራ በመካሄድ ላይ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ሊመረመር አይችልም፤ «ከ20 ምሶሶዎች 8 ተሞልተዋል» የሚለው ግን ማንም ሄዶ የሚቆጥረው ነው። የአርማታ ጥንካሬ በተለምዶ የሚረጋገጠው በ28ኛው ቀን በሚደረግ የናሙና ፍተሻ በመሆኑ፣ «የተሞላ» እና «ፍተሻ ያለፈ» ተብለው ተለይተው መጻፍ አለባቸው።

አንድ ጠቅላላ በመቶኛም ብቻውን ይሸፍናል። በታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. በይፋ እንደተገለጸው፣ የሲቪል ሥራው ከ80 በመቶ በላይ ደርሶ ሳለ የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራው ገና ከ30 በመቶ በታች ነበር። ጠቅላላ ድምሩ ከ60 በመቶ በላይ ይመስል ነበር፤ ተርባይኖቹ ካልተተከሉ ግን ኃይል አይመነጭም። ስለዚህ እያንዳንዱ የሥራ ክፍል ለብቻው ይታይ።

ወደ አዳራሹ እንመለስ። ሥራ ተቋራጩ ያለው ካሳፎርማ በአንድ ዙር 4 ምሶሶ ብቻ የሚይዝ ሲሆን፣ አንዱ ዙር 6 ቀን ይፈጃል። በወሩ ውስጥ 5 ዙር ታቅዶ 2 ብቻ የተሠራው ፌሮው ዘግይቶ በመድረሱ ነው። ምክንያቱ በሪፖርቱ የሚጻፈው እንዲህ ነው እንጂ «በልዩ ልዩ ችግሮች» ተብሎ አይደለም። የቀሩት 12 ምሶሶዎች 3 ዙር፣ ማለትም 18 ቀን ይፈልጋሉ።

የ18 ቀን መዘግየት ምን ያስከትላል? ጣሪያው ግንቦት 25 ቀን እንዲለብስ ታቅዶ ነበር፤ ቀጣዮቹ ሥራዎች በምሶሶዎቹ ላይ ስለሚቆሙ ጣሪያውም ወደ ሰኔ 13 ቀን ይገፋል። በእንጦጦ ይህ ወቅት ክረምቱ የሚገባበት ነው፤ ጎርፍ ከተዳፋቱ ይወርዳል፣ መንገዱ ለጭነት መኪና ያስቸግራል፣ ክፍት ግድግዳም ውኃ ይጠጣል። በበጋ ቢሆን ኖሮ ያው 18 ቀን ይህን ያህል ባልጎዳ ነበር። የመዘግየት ክብደት በቀኑ ብዛት ብቻ ሳይሆን በሚገፋው ሥራም ይለካል።

ስለዚህ የሪፖርቱ የመጨረሻ ክፍል ውሳኔ የሚጠይቅ ይሁን። ሁለተኛ ካሳፎርማ ቢከራይ 12ቱ ምሶሶዎች በ2 ዙር፣ በ12 ቀን ይሞላሉ፤ ጣሪያውም ሰኔ 7 ቀን ይለብሳል። የሚተርፈው 6 ቀን ነው። የኪራዩ ዋጋ ስንት እንደሆነ፣ ማን እንደሚከፍል፣ ውሳኔው እስከ መቼ መሰጠት እንዳለበት አብሮ ይጻፍ። የመጀመሪያው ዕቅድም ሳይነካ ይቀመጥ፤ የተከለሰው የጊዜ ሰሌዳ ከጎኑ ይሰፍራል እንጂ አይተካውም። ዕቅዱ በየወሩ ከክንውኑ ጋር እንዲመሳሰል ከተቀየረ፣ ልዩነቱ በወረቀት ላይ ይጠፋል፤ በተዳፋቱ ላይ ግን ምሶሶዎቹ አሁንም ስምንት ናቸው።