ቪዲዮን አቁሞ መገመት

ምንባብ

በኢትዮጵያ በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት ማብቂያ ላይ በብዙ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ፕላዝማ» የሚባለው ቴሌቪዥን ገብቶ፣ ትምህርቱ በሳተላይት ይሠራጭ ነበር። ሥርጭቱ ተማሪውን ስለማይጠብቅ ያመለጠ ሐሳብ እንዳመለጠ ይቀር ነበር። በስልክ ወይም በኮምፒዩተር የሚታይ የተቀዳ ትምህርት ግን በተፈለገበት ቦታ ሊቆም ይችላል።

አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ስለሚወድቁ አካላት የተቀዳ የፊዚክስ ትምህርት አንድም ጊዜ ሳታቆም ተመለከተች። ሁሉም ነገር የገባት መሰላት። በማግሥቱ ጓደኛዋ ስትጠይቃት ግን ማስረዳት አቃታት። የሰማችውን ሲነገር ታውቀዋለች እንጂ ራሷ ከአእምሮዋ ማውጣትን አልተለማመደችም ነበር።

ስለዚህ ደብተርና እርሳስ ይዛ እንደገና ጀመረች። መምህሩ አንዱን ሳንቲም ከጠረጴዛ ጠርዝ ቁልቁል እንደሚለቁ፣ ሌላውን በዚያው ቅጽበት ወደ ጎን እንደሚገፉ ተናግረው፣ «የትኛው ቀድሞ መሬት ይነካል?» አሉ። ተማሪዋ መልሱ ከመነገሩ በፊት ቪዲዮውን አቆመች። ያለፈውን መልስ ዘንግታው ስለ ነበር፣ «የተለቀቀው ይቀድማል፤ መንገዱ አጭር ነውና» ብላ ግምቷን ከነምክንያቱ ጻፈች። ቪዲዮው ሲቀጥል ሁለቱ ሳንቲሞች እኩል ወደቁ።

ተማሪዋ ስሕተቷን አልፋቀችም። ከጎኑ፣ «ሁለቱንም ወደ ታች የሚስባቸው ያው የመሬት ስበት ነው፤ የጎን ፍጥነት የመውደቂያውን ጊዜ አይለውጥም» ብላ ጻፈች። መምህሩ የጠረጴዛው ከፍታ 1.25 ሜትር መሆኑን ሲናገሩ እንደገና አቁማ ራሷ አሰላች። የስበትን ፍጥንጥነት 10 ብትወስድ፣ የአየርንም ግጭት ብትተው፣

h = ½gt²
1.25 = ½ × 10 × t²
t = 0.5

ሆነ፤ ይኸውም ግማሽ ሴኮንድ ነው። የተገፋው ሳንቲም ከጠርዙ በሴኮንድ 2 ሜትር ፍጥነት ቢነሣ፣ 1 ሜትር ርቆ ይወድቃል።

በመጨረሻ፣ «ጠረጴዛው አራት እጥፍ ቢረዝም ጊዜው ስንት እጥፍ ይሆናል?» የሚል ጥያቄ ጽፋ፣ በማግሥቱ ቪዲዮውን ሳትከፍት መለሰችው።

ይህ ዘዴ ወሰን አለው። በየዓረፍተ ነገሩ ማቆም የሐሳቡን ሰንሰለት ይበጥሳል፤ ማቆም የሚገባው መምህሩ ሲጠይቁ ወይም ስሌት ሲጀምሩ ነው። ምክንያት የሌለው ግምትም ዕጣ እንደ መጣል ነው። ተማሪው ለግምቱ አንዳች ምክንያት ካጣ፣ አስቀድሞ የመማሪያ መጽሐፉን ማንበብ ይኖርበታል።

የመረዳት ጥያቄዎች

1. ተማሪዋ መጀመሪያ ትምህርቱ የገባት የመሰላት ለምንድን ነው?
2. የተሳሳተ ግምቷን ሳትፍቅ መተዋ ምን ጠቀማት?
3. በመጨረሻ ለጻፈችው ጥያቄ መልሱን አስልታችሁ አሳዩ።